ቀጣይ ቀን የሌለው ረድፍ፦ የሥራ ማመልከቻዎችን በአንድ ሰንጠረዥ ስለመከታተል

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው በኤክሴል፣ በጉግል ሺትስ ወይም በሌላ ተመሳሳይ ፕሮግራም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊዘጋጅ ስለሚችል አንድ ሰንጠረዥ ነው። ሥራ በመፈለግ ላይ ካሉ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ሰንጠረዡ እያላቸውም የመዝጊያ ቀን እንደሚያመልጣቸው አይቻለሁ። ምክንያቱን ስመረምር በአብዛኛው ያገኘሁት አንድ ነገር ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ያለፈውን ለመመዝገብ ነው፦ የት አመለከትሁ፣ መቼ ላክሁ፣ ምን መለሱልኝ። እንዲህ ያለው መዝገብ የተሠራውን ሥራ ብዛት ያሳያል እንጂ ነገ ጠዋት ምን መደረግ እንዳለበት አይናገርም። እኔ የማቀርብላችሁ ሰንጠረዥ ግን የተመሠረተው በአንድ ደንብ ላይ ነው፦ ያልተዘጋ ማመልከቻ ሁሉ አንድ ቀጣይ ተግባርና አንድ ቀጣይ ቀን ሊኖረው ይገባል፤ ያ ሳጥን ባዶ የሆነበት ረድፍ ስሕተት ያለበት ረድፍ ነው።

ወደዚህ ደንብ ያደረሰኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በጣም የምመኘው የሥራ መደብ ወጥቶ ነበር። የመዝጊያ ቀኑን መዝግቤ፣ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌ፣ ሲቪዬንና የማመልከቻ ደብዳቤዬን ከቀኑ አስቀድሜ አዘጋጀሁ። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው በጥንቃቄ ያነበብሁት ግን 4 ቀን ሲቀረው ነበር፤ የድጋፍ ደብዳቤ በጸሐፊው በራሱ እጅ፣ በቀጥታ ለቀጣሪው መላክ እንዳለበት ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤውን እንዲጽፉልኝ የጠየቅኋቸው የቀድሞ አለቃዬ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ሆኖም መንገድ ላይ ስለነበሩ ሊያደርሱልኝ የቻሉት ከመዝጊያው በኋላ ነው። የመዝጊያ ቀኑን አንድም ጊዜ አልረሳሁትም ነበር። የረሳሁት ደብዳቤው ሊጠየቅ የሚገባበትን የመጨረሻ ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ በሰንጠረዤ ውስጥ ስላልነበረ አልፎ እንኳ ማለፉን አላወቅሁም።

ስለዚህ ሰንጠረዡ 11 ዓምዶች ይኖሩታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀጣሪውና የሥራ መደቡ ናቸው። ሦስተኛው፣ ማለትም በ C የተሰየመው ዓምድ፣ ማስታወቂያው የሚዘጋበት ቀን ነው፤ አራተኛው D እኔ ለራሴ የወሰንሁት የመላኪያ ቀን ነው። E ቀጣዩ ተግባር፣ F ቀጣዩ ቀን ይሆናሉ። ከዚያ በ G የተላከበት ቀን፣ በ H የተላከው ሲቪ ቁጥር፣ በ I የተላከው ደብዳቤ ቁጥር፣ በ J የማረጋገጫ ቁጥር፣ በመጨረሻም በ K የማመልከቻው ሁኔታ ይሰፍራል። ለሁኔታው 4 ቃላት ብቻ ይበቃሉ፦ በዝግጅት፣ ተልኳል፣ ቃለ መጠይቅ፣ ተዘግቷል። አንዳንድ ሰዎች ለሁኔታ ዓምዱ 10 ወይም 12 ዓይነት ስያሜ ያዘጋጃሉ፤ እኔ አልመክረውም፤ በስያሜ መካከል ስናመነታ ረድፉ ሳይታደስ ይቀራልና።

አሁን አንድ ማመልከቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተል። ማስታወቂያውን ያገኘነው ሰኞ 2025-06-09 ነው እንበል። የሚዘጋው ዓርብ 2025-06-27 ነው። ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤና ከአንድ የቀድሞ አለቃ በቀጥታ የሚላክ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ማስታወቂያውን የሚያይ ሰው 18 ቀን አለኝ ብሎ ይረጋጋል። ሰንጠረዡ የሚነግረን ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያ ከመዝጊያው 3 ቀን ቀንሰን የራሳችንን ቀን እናወጣለን።

```
=C2-3
```

ውጤቱ ማክሰኞ 2025-06-24 ነው። እነዚህ 3 ቀናት ለስንፍና የተተው አይደሉም፤ የማመልከቻ መቀበያው ድረ ገጽ በመጨረሻው ሰዓት ሲጨናነቅ፣ ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በልጦ ሳይገባ ሲቀር ወይም የይለፍ ቃል ማደሻው መልእክት ሳይደርስ ሲዘገይ የሚያገለግሉ ናቸው። ቀጥሎም የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው 10 የሥራ ቀን ይገባዋል ብለን ከራሳችን ቀን ወደ ኋላ እንቆጥራለን።

```
=WORKDAY(D2,-10)
```

ይህ ቀመር ቅዳሜንና እሑድን አይቆጥርም፤ የበዓላት ዝርዝር ካልሰጠነው ግን በዓላትን እንደ ሥራ ቀን ይወስዳቸዋል። በምሳሌያችን የሚያወጣው ቀን ማክሰኞ 2025-06-10 ነው። ማስታወቂያውን ያገኘነው ሰኞ መሆኑን አስታውሱ። 18 ቀን ያለው የመሰለው ሰው ደብዳቤውን ለመጠየቅ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው! በ F ዓምድ የሚገባው ቀን እንግዲህ የመዝጊያው ቀን ሳይሆን 2025-06-10 ነው፤ በ E ደግሞ «የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ» ተብሎ ይጻፋል።

ማክሰኞ ዕለት ደብዳቤውን ከጠየቅን በኋላ ያንን ተግባር እንሰርዝና በቦታው ቀጣዩን እንተካለን፦ «ስለ ደብዳቤው በትሕትና ማስታወስ»፣ ቀኑም ከ5 የሥራ ቀን በኋላ፣ 2025-06-17። ያ ሲፈጸም «ማመልከቻውን መላክ»፣ 2025-06-24። በአንድ ጊዜ አንድ ተግባርና አንድ ቀን ብቻ እንጂ የተግባራት ዝርዝር በአንድ ሳጥን ውስጥ አናስገባም፤ ብዙ ተግባር የተጻፈበት ሳጥን የትኛው ቀን ለየትኛው ተግባር እንደሆነ ይሰውራል። አሮጌውን ተግባር ሰርዞ አዲሱን የመጻፉ ነገር ጥብቅ መሆን አለበት፤ ተግባሩን የፈጸመ ሰው ቀጣዩን ሳይጽፍ ከሰንጠረዡ መነሣት የለበትም።

ቀኑ የደረሰውን ረድፍ ሰንጠረዡ ራሱ በቀይ ቀለም እንዲያሳየን የሚከተለውን ቀመር Conditional Formatting በሚባለው ትእዛዝ የቀለም መመሪያ አድርገን ለሁሉም ረድፎች እንሰጠዋለን።

```
=AND($A2<>"",$K2<>"ተዘግቷል",$F2<=TODAY())
```

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ፤ አንዱ ይጠቅመናል፣ ሌላው ይጎዳናል። የሚጠቅመን፣ ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥንን እንደ ዜሮ ስለሚቆጥረው ቀጣይ ቀን ያልተጻፈበት ክፍት ረድፍም ይቀላል፤ መጀመሪያ የጠቀስሁት ደንብ በዚህ መንገድ ራሱን ያስከብራል። የሚጎዳን ደግሞ ቀን መስሎ የተጻፈ ነገር ግን ፕሮግራሙ እንደ ተራ ጽሑፍ የተቀበለው ቀን ነው። በንጽጽር ጊዜ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከቁጥር እንደሚበልጥ ስለሚቆጠር ያ ረድፍ ቀኑ ቢያልፍም ፈጽሞ አይቀላም። በእኔ እምነት ይህ ከሁሉም የከፋው ብልሽት ነው፤ ባለቤቱ ሰንጠረዡን ያምነዋል፣ ሰንጠረዡም ዝም ይላል። ችግሩን በዓይን ለመለየት ይቻላል፦ እኛ ካልቀየርነው በስተቀር እውነተኛ ቀን ወደ ሳጥኑ ቀኝ ጠርዝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ግን ወደ ግራ። በእርግጠኝነት ለማወቅ በአንድ ባዶ ሳጥን ውስጥ ይህን መጻፍ ይበቃል፤ መልሱ `FALSE` ከሆነ ቀኑ ቀን አይደለም።

```
=ISNUMBER(F2)
```

ቀኖችን ሁሉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል እንድትጽፉ የምመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው። 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ሰው መጋቢት 4፣ ለሌላው ሚያዝያ 3 ነው፤ ፕሮግራሙም እንደ አገር ቅንብሩ አንዱን ይመርጣል እንጂ አይጠይቃችሁም። 2025-04-03 ግን የሚያሻማ አይደለም። የመዝጊያው ሰዓትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀጣሪው በሌላ የሰዓት ክልል ካለና የእርሱ ሰዓት ከእናንተ በ6 ሰዓት የሚቀድም ከሆነ፣ በእርሱ ዘንድ 17:00 ላይ የሚዘጋው ማመልከቻ በእናንተ ዘንድ 11:00 ላይ ተዘግቷል። በ C ዓምድ የሚጻፈው ወደ ራሳችን ሰዓት የተቀየረው ቀንና ሰዓት ነው፤ ቅየራውም የሚደረገው ማስታወቂያው በተገኘበት ዕለት እንጂ በመዝጊያው ዕለት አይደለም።

የመዝጊያ ቀን የሌላቸው ማስታወቂያዎችም አሉ፤ «ሰው እስኪገኝ ድረስ» የሚሉት ማለት ነው። ሰዎች እነዚህን ማስታወቂያዎች ወደ ሰንጠረዡ መጨረሻ ይገፏቸዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለባቸው እነርሱ ናቸው፤ በማንኛውም ቀን ሊዘጉ ይችላሉና። ማስታወቂያው ከተገኘበት ቀን 3 ቀን ቆጥሮ የራስን ቀን በ D መወሰን ይበቃል።

ማመልከቻው በሚላክበት ቀን አንድ ጥብቅ ሥርዓት ያስፈልጋል። ሁኔታው «ተልኳል» ተብሎ የሚቀየረው የማረጋገጫ መልእክት ወይም ቁጥር ደርሶ በ J ዓምድ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ የማመልከቻ ድረ ገጾች ረቂቁን የማስቀመጥና የመላክ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች አሏቸው፤ ሁሉንም ገጾች ሞልቶ፣ ፋይሎቹን አስገብቶ፣ «ተቀምጧል» የሚለውን መልእክት አይቶ የወጣ ሰው ማመልከቻው ገና እርሱ ዘንድ ነው። በኢሜይል የላከ ሰው ማረጋገጫ ላይደርሰው ይችላል፤ እርሱ በ J ዓምድ ኢሜይሉ የተላከበትን ሰዓት ይጽፋል፤ ከተላኩት መልእክቶች ውስጥ ከፍቶ አባሪ ፋይሉ በእርግጥ መያያዙንና ትክክለኛው ፋይል መሆኑን ካየ በኋላ ማለት ነው።

ይህ «ትክክለኛው ፋይል» የሚለው ነገር ወደ ሰነዶቹ ይወስደኛል። ሲቪያችን አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ መደብ የምናጎላው ልምድ ስለሚለያይ በሁለት ወር ውስጥ 8 ወይም 9 ዓይነት ሊደርስ ይችላል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚሉ የፋይል ስሞችም የሚወለዱት ያኔ ነው። እኔ የምከተለው አሠራር እንዲህ ነው። ሁሉንም ልምድ፣ ሁሉንም ሥልጠና፣ ሁሉንም ቀን የያዘ አንድ ዋና ፋይል አለ፤ ርዝመቱ 6 ገጽ ቢሆንም ግድ የለም፤ እርሱ ለማንም አይላክም። ለመላክ የሚዘጋጁት ከእርሱ ተቀድተው ቁጥር ይሰጣቸዋል፦ `CV_v01`፣ `CV_v02` እየተባለ። ቁጥሩ በሁለት አኃዝ የሚጻፈው አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይሎችን ሲደረድሩ 10ን ከ2 በፊት ስለሚያስቀምጡ ነው። አንድ ጊዜ ከእጃችን የወጣ ቁጥር ከዚያ በኋላ አይነካም፤ አንድ ፊደል እንኳ ቢታረም አዲስ ቁጥር ይወስዳል።

ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ በመዝጊያ ቀኑ የሚጀምር ስም ያለው አንድ ፎልደር ይከፈታል። በውስጡ ሦስት ነገሮች ይቀመጣሉ፦ የማስታወቂያው ሙሉ ቅጂ በፒዲኤፍ፣ የተላከው ሲቪ፣ የተላከው ደብዳቤ። የማስታወቂያው አድራሻ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ቀጣሪዎች ማስታወቂያውን ከመዝጊያው ቀን በኋላ ከድረ ገጻቸው ያነሡታል፤ የቃለ መጠይቅ ጥሪ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ለቀጣሪው የሚሄደው ፋይል ግን የቁጥር ምልክት ሊኖረው አይገባም፤ ስማችሁንና የሰነዱን ዓይነት ብቻ ይያዝ፤ ቁጥሩ በሰንጠረዡ H ዓምድ ይጻፋል። ወርድ ፋይል በፒዲኤፍ ሲቀመጥ በፋይሉ መረጃ ውስጥ የተጻፈው አሮጌ ርዕስ አብሮ ሊሄድ እንደሚችልም ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። ለሌላ ቀጣሪ ከተጻፈ ደብዳቤ የተቀዳ ደብዳቤ ሲከፈት በመስኮቱ አናት ላይ የዚያኛው ቀጣሪ ስም ሊነበብ ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ፒዲኤፉን በማሰሻ ከፍታችሁ ከላይ የሚታየውን ርዕስ አንብቡ።

የቁጥሩ ጥቅም በጉልህ የሚታየው ስሕተት ሲገኝ ነው። የማማክራት አንዲት ሥራ ፈላጊ አንድ ቀን የስልክ ቁጥሯ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው መጻፋቸውን አስተዋለች። ስሕተቱ የገባው በ`CV_v04` ሲሆን `CV_v05`ም ከእርሱ የተቀዳ ነበር። በዚያ ጊዜ 14 ማመልከቻዎች ልካ ነበር። ሰንጠረዥ ባይኖራት ኖሮ ወይ ለ14ቱም መጻፍ ወይ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበረባት። እርሷ ግን H ዓምድን በሁለቱ ቁጥሮች ስታጣራው የቀሩት 3 ረድፎች ብቻ ነበሩ። አንዱ አስቀድሞ የተዘጋ ነበር። ሁለተኛው መዝጊያው ገና ስላልደረሰና ድረ ገጹ መቀየርን ስለሚፈቅድ ፋይሉን ተካችው። ለሦስተኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር ያለው ኢሜይል ከታረመው ሲቪ ጋር ላከች። ጠቅላላ ሥራው ከግማሽ ሰዓት በታች ወሰደ፤ ከዚያም እርማቱን ወደ ዋናው ፋይል መለሰችው፤ ይህን ያላደረገ ሰው ስሕተቱን በሚቀጥለው ቅጂ እንደገና ያገኘዋልና።

ከተላከ በኋላ ስላለው ክትትል ትንሽ ልናገር። ብዙ ሰዎች የክትትል ቀናቸውን የሚቆጥሩት ከላኩበት ቀን ነው። የመዝጊያ ቀን ላለው ማስታወቂያ ግን ከመዝጊያው መቁጠር ይሻላል፤ ብዙ ቀጣሪዎች ማመልከቻዎችን የሚያዩት ሁሉም ከተሰበሰቡ በኋላ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የሚደርስ ጥያቄ መልስ ሊሰጠው የሚችል ሰው አያገኝም። በምሳሌያችን ከ2025-06-27 በኋላ 10 የሥራ ቀን ስንቆጥር ዓርብ 2025-07-11 እናገኛለን። በ2025-06-24 የላክነው ማመልከቻ F ሳጥን ላይ የሚጻፈው ይህ ቀን ነው። ማስታወቂያው «የምናነጋግረው የተመረጡትን ብቻ ነው» ወይም «አትደውሉ» ካለ ግን ቃሉ ይከበራል፤ ተግባሩም «መጠየቅ» ሳይሆን «ረድፉን መዝጋት» ይሆናል። መጠየቅ በሚቻልበት ጊዜ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል፦ የመደቡ ስም፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ፣ የተላከበት ቀን፣ ውሳኔው መቼ እንደሚጠበቅ የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ሌላ 15 የሥራ ቀን ይጻፋል፤ እርሱም ያለ መልስ ካለፈ ረድፉ ይዘጋል።

ዝም ያለን ቀጣሪ ረድፍ መዝጋት ብዙዎችን ይከብዳቸዋል፤ ተስፋን በገዛ እጅ መሰረዝ ይመስላቸዋል፤ ስሜቱን እረዳለሁ። ነገር ግን 30 ክፍት ረድፎች ካሉና ከእነርሱ 20ዎቹ መልስ የማይጠበቅባቸው ከሆኑ፣ ቀዩ ቀለም በየቀኑ ስለሚታይ ዓይን ይለምደዋል፤ በእርግጥ ዛሬ መላክ ያለበት ማመልከቻም ከእነርሱ መካከል ይጠፋል። መዝጋት ማለት መሰረዝ አይደለም። ረድፉ፣ ፎልደሩና የሰነዶቹ ቁጥሮች ባሉበት ይቀመጣሉ።

በየቀኑ ለዚህ የሚያስፈልገው ጊዜ አጭር ነው። ጠዋት ሰንጠረዡን በ F ዓምድ ደርድሮ ቀይ ረድፎቹን ሁሉ ማየት ነው። ስትደረድሩ ግን አንዱን ዓምድ ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዡን በሙሉ መምረጣችሁን አረጋግጡ፤ F ብቻ ተመርጦ ከተደረደረ ቀኖቹ ከባለቤቶቻቸው ተለይተው ወደ ሌላ ማመልከቻ ይሄዳሉ፤ ይህም ወዲያው ካልታየ በኋላ ለማስተካከል እጅግ ያስቸግራል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሰንጠረዡን ቅጂ በዕለቱ ቀን ሰይሞ ማስቀመጥ ከዚህ አደጋ ይጠብቃል።

በመጨረሻ፣ የምሳሌያችን ማመልከቻ ከተዘጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደውሎ ለሐሙስ ቃለ መጠይቅ ተጠራን እንበል። ሁኔታው ከ«ተዘግቷል» ወደ «ቃለ መጠይቅ» ይመለሳል፤ በ E «ማስታወቂያውንና የተላከውን ሲቪ ማንበብ» ተብሎ ይጻፋል፤ በ F የረቡዕ ቀን ይገባል። በመዝጊያ ቀኑ የተሰየመው ፎልደር ሲከፈት ከቀጣሪው ድረ ገጽ ላይ የጠፋው ማስታወቂያ፣ ጠያቂዎቹ በእጃቸው የያዙት ሲቪና የጻፍንላቸው ደብዳቤ በውስጡ ይገኛሉ።